የከብት ክብደት በደረት ዙሪያ ሲተነበይ የሪዚጅዋል ግራፍ የሚያሳየው፦ የምላሽ ጽሑፍ

«R² 0.97 ከሆነ ቀጥተኛው መስመር ይበቃል፤ የሪዚጅዋል ግራፍ እያዩ መጨነቅ ጊዜ ማባከን ነው። የተጠራጠረ ሰው በሪዚጅዋሉና በደረት ዙሪያው መካከል ያለውን ኮሪሌሽን ያስላ፤ ዜሮ ከሆነ የቀረ ቅርጽ የለም። ግራፍ የግድ ካስፈለገ ሪዚጅዋሉን ከተለካው ክብደት አንጻር መሳል ነው፤ የነጥቦቹ ስፋት እኩል ባይሆንም ናሙናው ሲበዛ ይስተካከላል። አስቸጋሪ ነጥብ ካለ ከ3 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን በላይ የራቀውን ማውጣት በቂ ነው።»

ከላይ የጠቀስሁት ጽሑፍ የከብትን ክብደት በደረት ዙሪያ ስለመተንበይ የቀረበ በመሆኑ እኔም ከዚያው ጉዳይ አልወጣም። በጎንደርና በዙሪያዋ ለበዓል የሚደልብ ሰንጋም ሆነ በክብደቱ ልክ መድኃኒት ሊሰጠው የሚገባ ጥጃ ሚዛን ላይ የሚወጣበት አጋጣሚ ብዙ ስላልሆነ፣ ከፊት እግሮቹ ኋላ ደረቱን በሜትር ለክቶ ክብደቱን መገመት ጠቃሚ ዘዴ መሆኑ አያከራክርም። የሚያከራክረው ግምቱ የሚያርፍበት መስመር በምን ይፈተሻል የሚለው ነው። ጸሐፊው ያስቀመጧቸውን አራት ነጥቦች እንደ ቅደም ተከተላቸው እመለከታለሁ፤ ሦስተኛው ሁለት ነገር ስለያዘ ትንሽ ይረዝማል፣ አራተኛው ደግሞ ከሁሉም የባሰ ጉዳት የሚያደርስ ስለሆነ ሰፋ ያለ ቦታ እሰጠዋለሁ።

በመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር። የቆየው የከብት ክብደት ቀመር የደረት ዙሪያውን በራሱ ያባዛል፣ ውጤቱን በአካሉ ርዝመት ደግሞ ያባዛል፣ ከዚያም ለ10840 ያካፍላል፤ ልኬቱ በሴንቲ ሜትር ከሆነ ክብደቱ በኪሎ ይወጣል። የአካሉ ርዝመት የደረት ዙሪያው 0.8 ነው ብለን ብንይዝ፣ ደረታቸው 100፣ 120፣ 140፣ 160 እና 180 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አምስት ከብቶች በቅደም ተከተል 74፣ 128፣ 203፣ 302 እና 430 ኪሎ ይመዝናሉ። እነዚህ ቁጥሮች ለማሳያ ያህል ከቀመሩ የወጡ እንጂ በገበያ የተለኩ አይደሉም፤ እንዲህ ማድረጌም የአጋጣሚ መዛነፍ ሳይጨመርባቸው የመስመሩ ጉድለት ብቻውን እንዲታይ ነው። በአምስቱ ላይ ቀጥተኛ መስመር ሲሰመር ደረቱ በ1 ሴንቲ ሜትር በሰፋ ቁጥር ክብደቱ በ4.43 ኪሎ ይጨምራል፤ R² ደግሞ 0.97 ይሆናል። ጸሐፊው እንደ ዋስትና የያዙት ቁጥር እነሆ ተገኘ ማለት ነው።

አሁን ሪዚጅዋሎቹን፣ ማለትም ከእውነተኛው ክብደት መስመሩ የተነበየው ሲቀነስ የሚቀረውን እንመልከት። ከትንሹ ከብት ወደ ትልቁ ሲኬድ 23.8፣ −10.8፣ −24.4፣ −14.0 እና 25.4 ናቸው። በግራና በቀኝ ጫፍ ያሉት ከዜሮ በላይ፣ በመካከል ያሉት ሦስቱ በሙሉ ከዜሮ በታች ሆነዋል። ሪዚጅዋሉን በቁመት፣ መስመሩ የተነበየውን ክብደት በአግድም አድርጎ ነጥቦቹን ያስቀመጠ ሰው ጎድጓዳ ሳህን የመሰለ ቅርጽ ያገኛል። መስመሩ ትክክል ቢሆን ኖሮ ሪዚጅዋሉ የትም ቦታ ላይ ከዜሮ በላይና በታች በእኩል ዕድል መውደቅ ነበረበት፤ እዚህ ግን ከብቱ መካከለኛ መሆኑን ብቻ ያወቀ ሰው ግምቱ ከልክ በላይ እንደሚሆን አስቀድሞ መናገር ይችላል። R² የሚመልሰው ጥያቄ መስመሩ ከአማካዩ ክብደት ምን ያህል ይሻላል የሚለውን ብቻ ነው፤ ክብደቱ ከ74 እስከ 430 ኪሎ በሚዘረጋበት መረጃ ደግሞ ማንኛውም ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ከአማካዩ እጅግ ይሻላል።

ይህ ጥፋት በተግባር ምን ያደርሳል ቢባል፣ ደረቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጥጃ መውሰድ ይበቃል። ቀመሩ 54 ኪሎ ገደማ ሲሰጠው መስመሩ የሚሰጠው 6 ኪሎ አይሞላም። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ የትልቁ ሰንጋ ክብደት በ25 ኪሎ ዝቅ ብሎ ስለሚገመት በክብደት የሚሰላ መድኃኒት ያንስበታል።

አንባቢ አምስት ነጥብ ላይ ይህን ያህል የጠራ ቅርጽ በእውነተኛ መረጃ አይገኝም ቢለኝ እውነቱን ነው። ስልሳ ከብቶች ሲለኩ ጎድጓዳው በነጥቦች መበተን ውስጥ ይደበቃል፤ ግራፍ ላይ የሚሰመረው ለስላሳ ኩርባም በጫፎቹ በኩል በሁለት ወይም በሦስት ነጥብ ብቻ ስለሚመራ እዚያ ጎንበስ ወይም ቀና ማለቱ ብዙ ሊታመን አይገባም። ዓይን አጋጣሚን ቅርጽ እያደረገ ያታልላል የሚል ሰው ካለ ቀላል ፈተና አለ። መስመሩ ትክክል ነው ብለን ይዘን ኮምፒውተሩ በአጋጣሚ የፈጠራቸውን 19 የሪዚጅዋል ግራፎች እናሠራለን፤ የእኛን ከእነርሱ ጋር ቀላቅለን መረጃውን ላላየ ሰው እንሰጠዋለን። የእኛን ግራፍ ለይቶ ካወጣው ቅርጹ በዓይናችን የተፈጠረ ነው ለማለት ይከብዳል።

ሁለተኛው ነጥብ አጭር መልስ ይበቃዋል። የደረት ዙሪያዎቹ ከአማካያቸው ከ140 ያላቸውን ርቀት፣ ማለትም −40፣ −20፣ 0፣ 20 እና 40ን፣ ከላይ ባሉት ሪዚጅዋሎች እናባዛና እንደምር፦

−952 + 216 + 0 − 280 + 1016 = 0

ድምሩ ዜሮ ስለሆነ ኮሪሌሽኑም ዜሮ ነው፤ ጎድጓዳው ግን በቦታው አለ። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። የሪዚጅዋሎቹን ካሬ ድምር ዝቅተኛ የሚያደርገው ስሌት መስመሩን የሚያሰምረው ይህ ድምር ዜሮ እስኪሆን ድረስ አስተካክሎ ነው፤ ስለዚህ ማንኛውም መረጃ፣ ምንም ያህል የተጣመመ ቢሆን፣ በዚህ መስመር ከተሰላ በኋላ ይህን ፈተና ያልፋል። ማንም የማይወድቅበት ፈተና ስለ ተፈታኙ የሚናገረው ነገር የለም። ስሌት የሚመርጥ ሰው የደረት ዙሪያውን ካሬ በሞዴሉ ውስጥ ጨምሮ የካሬው መጠን ከዜሮ መራቁን ቢመረምር ጥያቄውን በእርግጥ የሚመልስ ቁጥር ያገኛል።

ሦስተኛው ነጥብ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ተቀላቅለዋል። አንደኛው የአግድሙ መስመር ላይ ምን ይቀመጥ የሚለው ነው። ሪዚጅዋል የተለካው ክብደት አካል በመሆኑ ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የኮሪሌሽናቸው መጠንም √(1 − R²) ነው። R² 0.60 በሆነበት ሞዴል ይህ 0.63 ይሆናል፤ ሞዴሉ ፍጹም ትክክል ቢሆን እንኳ ግራፉ ሽቅብ የሚወጣ የነጥብ ጅረት ያሳያል ማለት ነው። በዚህ ግራፍ ተደናግጦ ደህናውን ሞዴል የሚጥል ተማሪ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ ግራፉ መሳል የነበረበት ከተተነበየው ክብደት ወይም ከደረት ዙሪያው አንጻር ነበር።

ሁለተኛው የስፋቱ ነገር ነው። በከብት መረጃ ላይ ነጥቦቹ በግራ ጠበብ ብለው ጀምረው ወደ ቀኝ እየሰፉ ሲሄዱ ማየት የሚጠበቅ ነው፤ ምክንያቱም ከመለኪያው ራሱ ይመነጫል። ክብደቱ ከደረት ዙሪያው ሦስተኛ ኃይል ጋር የሚሄድ ከሆነ፣ ሜትሩ በ1 ሴንቲ ሜትር ላላ ብሎ ቢያዝ በ100 ሴንቲ ሜትር ደረት ላይ የሚፈጥረው ስሕተት 2 ኪሎ ያህል ሲሆን በ180 ሴንቲ ሜትሩ ላይ ግን 7 ኪሎ ያህል ነው። ከሚዛን በፊት ውኃ የጠጣና ያልጠጣ ከብት ልዩነትም ከሆዱ ስፋት ጋር አብሮ ያድጋል። እንግዲህ እንበልና መበተኑ በሁሉም ከብት ላይ የክብደቱ 6 ከመቶ ነው፤ ለ74 ኪሎው 4 ኪሎ ተኩል፣ ለ430 ኪሎው 26 ኪሎ ገደማ ይሆናል። መስመሩ ግን ለሁሉም አንድ መደበኛ ስሕተት፣ ማለትም አንድ የሪዚጅዋል ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ያ 15 ኪሎ ቢሆን ሁለት እጥፉ ወደ ላይና ወደ ታች ተወስዶ ለጥጃው ከ44 እስከ 104 ኪሎ የሚል የማይጠቅም ወሰን ይሰጣል፣ ለሰንጋው ደግሞ ከ400 እስከ 460 የሚል ከእውነቱ በግማሽ ያህል የጠበበ ወሰን።

ናሙና ማብዛት ይህን አያስተካክልም። ብዙ ከብት ሲለካ የመስመሩ ተዳፋት ይበልጥ በትክክል ይታወቃል፤ ያንን ትክክለኛነት የሚለካው ስታንዳርድ ኤረር ግን ስፋቱ እኩል ነው በሚል ቀመር ስለሚሰላ እንደተሳሳተ ይቀጥላል። የወሰኖቹ ነገርማ ጨርሶ አይለወጥም፤ አንድ ሺህ ከብት ቢለካም ሰንጋው 26 ኪሎ መዛነፉን አይተውም።

ስፋትን በዓይን ሲያነቡ አንድ ወጥመድ አለ። በገበያ መካከለኛ ከብት ስለሚበዛ በግራፉ መካከል ነጥቦች ይከማቻሉ፤ ነጥብ በበዛበት ቦታ ደግሞ ሩቅ የሚወድቅ ነጥብ የመገኘቱ ዕድል ስለሚበዛ መካከሉ የሰፋ፣ ቀኙ ጫፍ የጠበበ መስሎ ይታያል። ስለዚህ የዳርቻውን ነጥብ ከመከተል ይልቅ የተተነበየውን ክብደት በአራት ወይም በአምስት ክፍል ቆርጦ በየክፍሉ የሪዚጅዋሉን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ማስላት ይሻላል። R በተባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የሚወጣው Scale-Location የተባለው ግራፍም ለዚሁ የተሠራ ነው፤ የሪዚጅዋሉን ምልክት ትቶ የመጠኑን ካሬ ሥር ስለሚያሳይ፣ ስፋት እያደገ ከሆነ ለስላሳው መስመር ሽቅብ ይወጣል።

ቅደም ተከተልም አለው። ጎድጓዳው ሳይስተካከል ስፋትን ለማንበብ የሞከረ ሰው በጫፎቹ ላይ ያለውን የመስመሩን ስሕተት የመበተን ስፋት አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ቅርጹ፣ ከዚያ ስፋቱ ነው። እንደ እድል ሆኖ በዚህ መረጃ ላይ አንድ እርምጃ ሁለቱንም ያክማል። የክብደቱንም የደረት ዙሪያውንም ሎጋሪዝም ወስደን መስመሩን ብናሰምር፣ ከላይ ያሉት አምስት ከብቶች ተዳፋቱ 3 በሆነ መስመር ላይ ይሰለፋሉ፤ ክብደቱን በመቶኛ የሚያዛንፈው መበተንም በሁሉም ቦታ እኩል ይሆናል። ግምቱን ከሎጋሪዝም ወደ ኪሎ ስንመልሰው የምናገኘው አማካዩን ሳይሆን መካከለኛውን ዋጋ፣ ማለትም ሚዲያኑን መሆኑን ማወቅ ይገባል፤ ነገር ግን መበተኑ 6 ከመቶ ሲሆን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.2 ከመቶ አይበልጥም፣ 40 ከመቶ ቢሆን ግን ወደ 8 ከመቶ ይደርስ ነበር።

አራተኛው ነጥብ ላይ ደርሰናል። አሁንም ለማሳያ ያህል ደረታቸው ከ140 እስከ 160 ሴንቲ ሜትር ያሉ አምስት ከብቶች እንውሰድ፤ በዚህ ጠባብ ክልል ቀጥተኛው መስመር ብዙም አያሳስትም። ስድስተኛው ከብት ደረቱ 159 ሆኖ ሳለ መዝጋቢው ሁለቱን የመጨረሻ አኃዞች አዟዙሮ 195 ብሎ አስገብቶታል እንበል።

```
g <- c(140, 145, 150, 155, 160, 195)
w <- c(205, 222, 251, 272, 304, 298)
m <- lm(w ~ g)
resid(m)
hatvalues(m)
cooks.distance(m)
```

የተሳሳተው ከብት ሳይገባ ተዳፋቱ በሴንቲ ሜትር 4.96 ኪሎ ነው፤ ሲገባ ወደ 1.55 ይወርዳል። አንድ የተዛነፈ ቁጥር የተዳፋቱን ሁለት ሦስተኛ በላ ማለት ነው። ይሁንና ሪዚጅዋሎቹ −26.5፣ −17.2፣ 4.0፣ 17.2፣ 41.4 እና −18.9 ናቸው። ጥፋተኛው −18.9 ይዞ በመካከል ተደብቋል፤ ከሁሉም የራቀው ደግሞ ደረቱ 160፣ ክብደቱ 304 ኪሎ የሆነውና ምንም ስሕተት የሌለበት ከብት ነው። ሪዚጅዋል በመጠኑ አይቶ ነጥብ የሚያወጣ ሰው እዚህ ንጹሑን ያወጣና ጥፋተኛውን ያስቀራል።

የ3 ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ወሰንማ እዚህ ማንንም አይነካም። የሞዴሉ መደበኛ ስሕተት 29.1 ስለሆነ ትልቁ ሪዚጅዋል እንኳ ሲካፈል 1.4 ነው። ነገሩ ከዚህም ያልፋል፤ አንድ ሪዚጅዋል ለመደበኛ ስሕተቱ ሲካፈል ከ√(n − p) ሊበልጥ አይችልም፤ n የነጥቦቹ ብዛት፣ p ደግሞ የሚገመቱት መጠኖች ብዛት ነው። ስድስት ነጥብና ሁለት መጠን ሲኖር ጣሪያው 2 ነው። ሁለት መጠን ባለው መስመር ላይ ከ12 ነጥብ በታች ባለ መረጃ 3ን ማለፍ በሒሳብ አይቻልም፤ ስለዚህ ደንቡ በትንሽ ናሙና ላይ ሁልጊዜ «ችግር የለም» የሚል መልስ ይሰጣል።

ጥፋተኛው የተደበቀው መስመሩን ወደ ራሱ ስለሳበው ነው። ድንጋይ የሚፈነቅል ሰው ዘንጉን ከጫፉ ሲይዝ ጉልበቱ እንደሚበዛ ሁሉ፣ የደረት ዙሪያው ከሌሎቹ እጅግ የራቀ ከብትም መስመሩን የማዘንበል ኃይሉ ይበዛል። ይህ ኃይል ሌቨሬጅ ይባላል፤ ክብደቱን ሳያይ ከደረት ዙሪያው ብቻ ይሰላል፤ ከዜሮ በላይ ሆኖ እስከ 1 ይደርሳል። እዚህ ለስድስተኛው ከብት 0.89 ነው፤ የስድስቱ አማካይ 0.33 ነው። ሪዚጅዋሉን ለ(1 − 0.89) ብናካፍል፣ ትርጉሙ ይህ ከብት ሳይገባ የተሰመረው መስመር በእርሱ ላይ ምን ያህል ይሳሳታል የሚል ነው፤ ያለ ማጠጋጋት ሲሰላ −176 ኪሎ ይወጣል። እውነትም አምስቱ ብቻቸውን የሰመሩት መስመር በ195 ሴንቲ ሜትር ላይ 474 ኪሎ ይተነብያል፣ የተመዘገበው ግን 298 ነው። በ1977 ዴኒስ ኩክ ያቀረበው የኩክ ርቀት ሪዚጅዋሉንና ሌቨሬጁን በአንድነት አይቶ አንድ ነጥብ ቢወጣ ግምቶቹ ሁሉ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀሱ ይለካል። ለተሳሳተው ከብት 16 ሲሆን፣ ትልቁን ሪዚጅዋል ለያዘው ንጹሕ ከብት ግን 0.25 ብቻ ነው። ብዙዎች ከ1 በላይ የሆነውን ቆም ብለው ያዩታል።

ስለዚህ ለዚህ ጥያቄ የሚታየው ግራፍ ሪዚጅዋልን ከሌቨሬጅ አንጻር የሚያስቀምጠው ነው፤ በR `plot(m, which = 5)` ብሎ ማውጣት ይቻላል። R በዚህ ግራፍ ላይ ችግር ኖረም አልኖረም ሦስት ነጥቦችን ቁጥር ሰጥቶ ስለሚያሳይ፣ ቁጥር የተጻፈበት ሁሉ ጥፋተኛ አይደለም። SPSS በተባለው ሌላ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የሚሠሩ ደግሞ ሁለት ነገር ልብ ይበሉ። በመመረቂያ ጽሑፎች የሚዘወተረው ZRESID የተባለው ሪዚጅዋል በሌቨሬጅ ያልተስተካከለ ስለሆነ የተስተካከለው SRESID ይሻላል፤ LEVER ተብሎ የሚወጣው ቁጥርም 1/n ተቀንሶለት የሚመጣ ነው። የእኛ ከብት በR 0.89 ሲሆን በSPSS 0.73 ሆኖ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ከመጽሐፍ የተወሰደን ወሰን ያለ ማስተካከያ ማነጻጸር ያሳስታል።

ነጥቡ ከተለየ በኋላም መሰረዝ የመጀመሪያው እርምጃ አይደለም። የመስክ መዝገቡ ይከፈታል፤ 195 የተባለው 159 መሆኑ ከታየ ይታረማል፤ የአምስቱ መስመርም በ159 ላይ 295 ኪሎ ገደማ ስለሚተነብይ 298 ኪሎው ከብት ያለ ችግር ይገባል። መዝገቡም 195 ካለና ከብቱ በእርግጥ ያን ያህል ሰፊ ደረት ያለው ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ከ160 እስከ 195 ባለው ክፍተት ውስጥ አንድም ከብት ስላልተለካ፣ እዚያ ያለው የመስመሩ ተዳፋት በአንድ እንስሳ ላይ የቆመ ነው። ተመራማሪው መስመሩን ከእርሱ ጋርና ያለ እርሱ ሠርቶ ሁለቱንም ያቀርባል፤ ካልሆነም ውጤቱ እስከ 160 ሴንቲ ሜትር ብቻ እንደሚያገለግል ጽፎ፣ ወደ ገበያ ተመልሶ በክፍተቱ ውስጥ የሚወድቁ ሰንጋዎችን ይለካል።